ኪስ ውስጥ የተረሳው ሶፍት

የማሽኑ በር ሲከፈት ጥቁሩ ሱሪ ነጭ ሆኗል። ሹራቡ፣ ካልሲው፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ልብስ፣ ሁሉም በጣት ለመልቀም በሚያስቸግር ነጭ ብናኝ ተሸፍኗል። የበሩ ጎማ እጥፋት ውስጥም ርጥብ የወረቀት ድቃቂ ተጠራቅሟል። ምንጩ ግን አንድ ነው፤ ከልብሶቹ በአንዱ ኪስ ውስጥ ተረስቶ የገባ የታጠፈ ሶፍት።

በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ልብሱን እንዳለ ትቶ ማሽኑን እንደገና ማስነሳት ነው። አንዳንዱ ሳሙና ይጨምራል፣ አንዳንዱ የውሃውን ሙቀት ከፍ ያደርጋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ በሩ ሲከፈት ትልልቁ ቁራጭ ደቅቆ፣ ቀድሞ ንጹሕ የነበረው ልብስ ላይ ሳይቀር ተዳርሶ ይገኛል። ውሃው፣ መብራቱና ሳሙናው ወጥቷል፤ ችግሩ ግን ብሷል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ለዚያ ሁለተኛ እጥበት የሚሆን ውሃ ጭራሽ ላይኖር ይችላል።

የሚሠራው መንገድ ተቃራኒው ነው። ልብሱ ወደ ውሃ መመለስ ሳይሆን መድረቅ አለበት። ብናኙ ሲረጥብ ተለጥፎ የሚይዘውን ያህል ሲደርቅ ይለቃል፤ በእጅና በብሩሽ ሊወገድ የሚችለውም ያኔ ነው። ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ለመረዳት ሶፍቱ ከምን እንደተሠራ ማየት ይጠቅማል።

ሶፍት የእንጨት ቃጫ ነው። ለስላሳነቱ የሚወደደው ሶፍት በብዛት የሚሠራው አጫጭር ቃጫ ካላቸው ዛፎች ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ በዓለም ገበያ ስሙ የሚጠራው የኢትዮጵያ አንባቢ ከደጁ የሚያውቀው ባሕር ዛፍ ነው። የባሕር ዛፍ ቃጫ ርዝመቱ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ የጽድና የጥድ ዓይነት ዛፎች ቃጫ ግን ሦስት ሚሊሜትር አካባቢ ይደርሳል። አምራቾች ረጅሙን ለጥንካሬ፣ አጭሩን ለልስላሴ ይቀላቅላሉ። ጥቁር ሱሪ ላይ የሚታየው ነጭ ብናኝ እንግዲህ በሺዎች የሚቆጠር የዛፍ ቃጫ ነው ማለት ነው፤ በጣት ለመልቀም የሚያስቸግረውም ይህን ያህል ደቃቅ ስለሆነ ነው።

እነዚህ ቃጫዎች ወረቀት የሚሆኑት በሙጫ ተጣብቀው አይደለም። በውሃ ውስጥ የተበተነው ቃጫ በወንፊት ላይ ተነጥፎ ሲደርቅ ቃጫዎቹ እርስ በርሳቸው ይቀራረባሉ፤ በመካከላቸውም ሃይድሮጅን የሚያገናኘው ደካማ ትስስር ይፈጠራል። ውሃ ሲመለስበት ያው ትስስር ይፈታል። የመጸዳጃ ቤት ሶፍት ሆን ተብሎ እንዲህ እንዲበተን ነው የሚሠራው፤ ካልተበተነ ቧንቧ ይዘጋልና። በጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ናፕኪን፣ የኩሽና ወረቀትና ብዙው የፊት ሶፍት ግን ሲረጥቡ እንዳይበጣጠሱ የሚያደርግ ሬዚን ይጨመርባቸዋል። ስለዚህ እነሱ ማሽን ውስጥ ሲገቡ እንደ ዱቄት አይበተኑም፤ ሰፋ ባሉ ቁራጮች ይገነጠላሉ፣ ይጠቀለላሉ፣ አንዳንዴም ኪሱ ውስጥ እንዳሉ ድቡልቡል ሆነው ይቀራሉ።

ልዩነቱን በቤት ውስጥ ማየት ቀላል ነው። አንድ ቁራጭ የመጸዳጃ ቤት ሶፍትና አንድ ቁራጭ ናፕኪን በሁለት የውሃ ጠርሙሶች ውስጥ ከትቶ ክዳኑን ገጥሞ ለግማሽ ደቂቃ መነቅነቅ ብቻ ነው። በአንዱ ጠርሙስ ውስጥ ውሃው ይደፈርሳል፤ በሌላው ውስጥ ወረቀቱ ቅርጹን እንደያዘ ይንሳፈፋል። ልብሱ ላይ የተገኘው የትኛው እንደሆነ ማወቅ የሚጠብቀውን ሥራ ይነግራል። ሰፋ ያለ ቁራጭ ከሆነ ብዙው በእጅ ይለቀማል፤ ብናኝ ከሆነ መድረቁን መጠበቅ ግድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። ወረቀቱን የሚያሟሟ አንድ ነገር የለም ወይ? አቼቶ፣ በረኪና፣ የተፈጨ አስፕሪን፣ ሁሉም እንደ መፍትሔ ይነገራሉ። መልሱ ያለው በጥጡ ውስጥ ነው። የወረቀት ቃጫ ዋና ንጥረ ነገር ሴሉሎስ ነው፤ ጥጥም ከመቶ 90 እጅ በላይ ሴሉሎስ ነው። ሸሚዙና ሶፍቱ በኬሚስትሪ ዓይን አንድ ናቸው። ወረቀቱን የሚበላ ማንኛውም ኬሚካል ሸሚዙንም ይበላል፤ ለይቶ የሚያጠቃ የቤት ውስጥ መድኃኒት የለም። አቼቶና አስፕሪን በቤት ውስጥ በምንጠቀምበት መጠን ደካማ አሲድ ከመሆን አልፈው ሴሉሎስን አያሟሙም። በረኪናም ነጩን ይበልጥ ያነጣዋል፣ የጥቁሩን ልብስ ቀለም ያጠፋል፣ ወረቀቱ ግን እንዳለ ይቀራል። በረኪናና አቼቶ በአንድ ላይ ከተደባለቁ ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ይህ ለማንም ቢሆን ሊሞከር የማይገባው ነገር ነው።

ስለዚህ የሚቀረው ብልሃት መካኒካዊ ነው። ቃጫው ከልብሱ ጋር የተያያዘው በኬሚካል ሳይሆን በውሃ ነው። ርጥብ ቃጫና ርጥብ ክር መካከል ያለው ስስ የውሃ ሽፋን ሁለቱን አጣብቆ ይይዛቸዋል። ውሃው ሲተን ያ ሽፋን ይጠፋል፤ ቃጫው ቀላልና ደረቅ ብናኝ ይሆናል፤ ልብሱ ሲራገፍ ይወድቃል። በርግጥ ሲደርቅ ጥቂት ትስስር በቃጫውና በጥጡ መካከል ይፈጠራል፤ ግን ልብሱ ሲታጠፍ፣ ሲፈተግና ሲራገፍ የሚሰበር ደካማ ትስስር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የማሽኑ አሠራር ነው። በፊት ለፊት የሚከፈት ማሽን ለአንድ ሙሉ እጥበት የሚጠቀመው ውሃ ከ40 እስከ 60 ሊትር አካባቢ ብቻ ነው፤ ያውም በአጠባና በማለቅለቂያ ተከፋፍሎ። ብናኙ በዚህ ትንሽ ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ፣ ውሃው ሲወጣ ልብሶቹ ራሳቸው ወንፊት ይሆኑና ያስቀሩታል። ከታች ያለው ማጣሪያ የተሠራው ሳንቲምና አዝራር ከፓምፑ እንዳይደርስ ለመያዝ እንጂ አንድ ሚሊሜትር የማይሞላ ቃጫ ለመያዝ አይደለም። ከላይ በሚከፈቱት ማሽኖች ብዙዎቹ ውስጥ ግን በከበሮው ጎን የተሰካ ትንሽ የወንፊት ከረጢት አለ፤ ውሃው በእሱ እያለፈ ስለሚዞር ከብናኙ የተወሰነውን ይሰበስባል። በእነዚህ ማሽኖች ልብሱ ዳግም በብዙ ውሃ ቢለቀለቅ የሚገኘው ጥቅም ከፊት ለፊቱ ማሽን ይሻላል፤ ከረጢቱ ቀድሞ ከተገለበጠና ከታጠበ ማለት ነው።

አንድ ምድብ ልብስ ወስዶ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መከተል ይቻላል። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ቤት ባለ 7 ኪሎ የፊት ለፊት ማሽን ጥቁርና ሰማያዊ ልብስ አጥቧል እንበል። ሁለት ጂንስ ሱሪ፣ ሦስት የጥጥ ካናቴራ፣ የልጅ የትምህርት ቤት ሱሪ ከፖሊስተር የተሠራ፣ አንድ ጥቁር ሹራብ፣ ጥቂት ካልሲና አንድ ጥቁር ሰማያዊ ፎጣ አሉበት። ሶፍቱ የነበረው በአንደኛው ጂንስ የኋላ ኪስ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ልብሱን በአንድ ላይ አቅፎ አለማውጣት ነው። በአንድ ላይ ሲወጣ የጂንሱ ብናኝ ሹራቡ ላይ ይወርዳል። አንድ በአንድ እየወጣ፣ ከማሽኑ በር ፊት ለፊት በተነጠፈ አሮጌ አንሶላ ላይ ወይም ከበረንዳው ውጪ ሁለት ሦስቴ ጠንከር ተደርጎ ይራገፋል። በዚህ ጊዜ የሚወድቀው ትልልቁ ብቻ ነው፤ የቀረውን ለመፈተግ መሞከር ርጥቡን ቃጫ ወደ ሽመናው ውስጥ መጫን ይሆናል። ሹራቡና ፎጣው ለየብቻ ይቀመጣሉ፤ እነሱ ብናኝ አጥብቀው የሚይዙ ስለሆኑ ከሌላው ጋር መነካካት የለባቸውም።

ቀጥሎ ኪስ ሁሉ ይገለበጣል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር ነው፤ ከሶፍቱ ትልቁ ድርሻ ግን እዚያው በመጀመሪያው ኪስ ውስጥ፣ በስፌቱ ጥግ ላይ እንደ ጭቃ ተጠቅጥቆ ነው የሚገኘው። እዚያ ካልወጣ ቀጥሎ በሚታጠብበት ቀን ሁሉንም ነገር እንደገና ይበክላል። የሚገለበጠው ኪስ እንደተገለበጠ ይቆያል፤ ጥጉ ውስጥ የቀረው ሲደርቅ በጥርስ ብሩሽ ይወጣል።

ከዚያ መስጣት ነው። ልብሶቹ በገመዱ ላይ ተራርቀው፣ ንፋስ በሚያገኛቸው ቦታ ይሰጣሉ። ጥቁር ልብስ ፀሐይ ላይ ብዙ ከቆየ ስለሚገረጣ ጥላና ንፋስ ያለበት ቦታ ይመረጣል። መስፈርቱ ሰዓት ሳይሆን ድርቀቱ ነው። ካናቴራው ቀድሞ ይደርቃል፤ የጂንሱ መቀነት ማስገቢያና የኪሱ ስፌት ግን ሌላው ከደረቀ በኋላም እርጥበት ይዞ ይቆያል። እነዚህ ቦታዎች በእጅ ሲዳሰሱ ቀዝቀዝ ካሉ ገና ናቸው። በክረምት፣ ልብሱ በቤት ውስጥ ሲሰጣ፣ ተጠጋግቶ ከተሰቀለ ሳይደርቅ መሽተት ይጀምራል፤ በቁጥር ቀንሶ በሁለት ዙር መስጣት ይሻላል።

ደርቆ ሲያልቅ ሁለተኛው ማራገፍ ይመጣል፤ ዋናው ለውጥ የሚታየውም በዚህ ነው። ጂንሱ ከወገቡ ተይዞ ሲራገፍ ነጩ ብናኝ በዓይን እየታየ ይበራል። ለዚህ ነው ማራገፉ ከቤት ውጪ፣ ሌላ ልብስ ከተሰጣበት ቦታ ርቆ መሆን ያለበት። ካናቴራዎቹም ብዙውን ይለቃሉ። የቀረው በልብስ ብሩሽ፣ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ፣ ከላይ ወደ ታች ይጠረጋል። ወዲያና ወዲህ የሚሄድ ብሩሽ የለቀቀውን ቃጫ መልሶ ይሰካል።

የፖሊስተሩ ሱሪ ሌላ ጠባይ አለው። ፖሊስተር ሴሉሎስ አይደለም፤ ውሃም ብዙ አይዝም፤ ቶሎ ይደርቃል፤ ብናኙም ወደ ክሩ ውስጥ አይገባም። ነገር ግን ደረቅ ፖሊስተር ሲፈተግ የኤሌክትሪክ ሙል ይፈጥራል፤ ያ ሙል ቀላሉን ቃጫ መልሶ ይስበዋል። ሲጠረግ የሚሸሽና ተመልሶ የሚለጠፍ ብናኝ ሲያጋጥም ምክንያቱ ይህ ነው። መላው እጅን በጥቂቱ ማርጠብ ወይም በትንሹ የረጠበ የላስቲክ ጓንት አድርጎ በአንድ አቅጣጫ ማበስ ነው። ጎማው ብናኙን እየሰበሰበ ድቡልቡል ያደርገዋል፤ ያኔ በጣት ይነሳል። በባሕረ ሰላጤው አገራት በሰው ቤት ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያት ጥቁር አባያ የዘወትር እጥበት ነው፤ ብዙው አባያ ደግሞ ከፖሊስተር የተሠራ ስለሆነ ይኸው የረጠበ ጓንት ከየትኛውም ሳሙና በላይ ይጠቅማል።

ለሹራቡ ፕላስተር ይሠራል። ሰፊ ፕላስተር የሚጣበቅበት ገጽ ወደ ውጪ ሆኖ በእጅ ላይ ይጠቀለልና ልብሱ ላይ መታ መታ ይደረጋል። አይጎተትም፤ ይጫናል፣ ይነሳል። ፕላስተሩ በነጭ ሲሸፈን ይቀየራል። የብናኝ ማንሻ ሮለር ያለው ሰውም በዚያው መንገድ ይጠቀምበታል።

ፎጣው መጨረሻ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ላይጸዳም ይችላል። የፎጣ ቀለበት ቀለበት ክሮች ቃጫውን በመካከላቸው ይይዙታል። ደርቆ፣ ተራግፎ፣ ተጠርጎ አሁንም የቀረበት ከሆነ፣ ለብቻው በብዙ ውሃ መለቅለቅ ትርጉም የሚኖረው አሁን ነው። ብዙው ብናኝ ወጥቷል፤ የቀረው ትንሽ ነው፤ የሚይዘው ሌላ ልብስም አብሮ የለም። በማለቅለቂያው ላይ የልብስ ማለስለሻ ቢጨመር ክሩ ስለሚንሸራተት ቃጫው በቀላሉ ይለቃል። ለፎጣ ግን ማለስለሻ ውሃ የመምጠጥ አቅሙን ስለሚቀንስ የዘወትር ልማድ መሆን የለበትም።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር በፍጹም መደረግ የለበትም፤ ብናኙ ሳይነሳ ካውያ መጠቀም። የካውያው ሙቀትና እንፋሎት ከክብደቱ ጋር ተደምሮ ቃጫውን ወደ ጨርቁ ይጫነዋል፤ የወረቀት ፋብሪካም ርጥብ ቃጫን ወደ ወረቀት የሚለውጠው በመጫንና በማድረቅ ነው።

በእጅ የሚታጠብበት ቤት ችግሩ በሳፋ ውስጥ ይከሰታል፤ እዚያ ግን ቀድሞ ይታያል፤ ይህም ትልቅ ጥቅም ነው። ውሃው ላይ ነጭ ነገር መንሳፈፍ ሲጀምር መፈተጉ ወዲያው ይቆማል። ብዙ ሰው በልማድ ሳፋውን ያዘነብልና ውሃውን ያፈሳል፤ ልብሱ ከታች ስለሚቀር ውሃው በላዩ እያለፈ ቃጫውን ሁሉ በልብሱ ላይ ያጠራቅማል። ትክክለኛው ልብሱን አንድ በአንድ ከውሃው ማንሳትና በሌላ ሳፋ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ነከር፣ ከፍ፣ ነከር፣ ከፍ ማድረግ ነው። ሳይጨመቅ ትንሽ ውሃ እንዲንጠባጠብ ከተተወ ብዙው ቃጫ አብሮ ይወርዳል። የተረፈው ደርቆ ይራገፋል። የሳፋው ውሃ ደግሞ ከመደፋቱ በፊት በአሮጌ ነጠላ ጨርቅ ቢጠለል የፍሳሽ ቧንቧው ይተርፋል።

የሀገር ባህል ልብስ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ነጠላና ጋቢ በብዛት በእጅ የተፈተለ ማግ ስላላቸው ሽመናቸው ላላ ያለ፣ ክራቸውም ጸጉራም ነው። ነጭ ስለሆኑ ብናኙ አይታይም፤ ሲለበስ ግን በጥቁር ቀሚስና ኮት ላይ ይራገፋል፤ በጣትም ሲዳሰስ ሻካራ ሆኖ ይገኛል። ለነጠላ ፕላስተር አይሆንም፤ የጥለቱን ክር ይስባል፣ ላላ ያለውንም ድር ያፈናቅላል። ጠንካራ ብሩሽም እንደዚሁ። ጋቢ ሲደርቅ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ አራቱን ጫፎች ይዞ በአንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ እያደረገ ቢያራግፈው የሚወጣው ብናኝ ይገርማል። ነጠላውን ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በለስላሳ የሕፃን ጸጉር ብሩሽ በጥለቱ አቅጣጫ ቀስ ብሎ መጥረግ ይበቃል።

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በአብዛኛው ማድረቂያ ማሽን ስለሚያገኙ ሥራው ይቀላቸዋል። ማድረቂያው ሞቃት አየር እየነፋ ልብሱን ያንከባልላል፤ የለቀቀው ብናኝ በአየሩ ተወስዶ በወንፊቱ ላይ ይጠራቀማል። ዘዴው በዝቅተኛ ሙቀት መጀመርና ከ10 ደቂቃ ገደማ በኋላ አቁሞ ወንፊቱን ማጽዳት ነው። ያኔ ወንፊቱ ላይ የሚገኘው ወፍራም ነጭ ንጣፍ ምን ያህል ቃጫ እንደለቀቀ ያሳያል። እንደገና ተነሥቶ፣ እንደገና ይጸዳል፤ ንጣፉ እየሳሳ ሲሄድ ሥራው እያለቀ ነው።

ይህ ጽዳት የደህንነት ጉዳይም ነው። ደረቅ የወረቀትና የጥጥ ብናኝ በቀላሉ ይቀጣጠላል። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር ከ2008 እስከ 2010 ያለውን ጊዜ ሲመረምር በመኖሪያ ቤቶች በዓመት 2,900 ያህል የማድረቂያ ማሽን ቃጠሎ እንደሚደርስና ዋነኛው መንስኤ ማሽኑን አለማጽዳት መሆኑን አስታውቋል። ሶፍት የተበተነበት ምድብ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ብናኝ ከወትሮው እጅግ ስለሚበልጥ ልብሱን አስገብቶ ወደ ሥራ መሄድ ወይም መተኛት አይገባም። የጋራ ማጠቢያ ቤት የሚጠቀም ሰውም ወንፊቱን አጽድቶ ቢወጣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ልብስ ይተርፋል።

ማድረቅ መጀመሪያ የሚለው ደንብ አንድ ግልጽ ገደብ አለው፤ ቀለም። ቀይ ወይም ሰማያዊ ናፕኪን፣ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ወረቀት ወይም በቀለም የታተመ ጽሑፍ ተበትኖ ከሆነ ልብሱ ላይ የቀለም ጠብታ ሊኖር ይችላል። ሙቀት ቀለሙን ያጸናዋል። ስለዚህ ከመስጣት በፊት ነጣ ያለውን ልብስ በብርሃን ፊት መመልከት ያስፈልጋል። ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ ደመና የመሰለ ነገር ከታየ ያ ልብስ ተለይቶ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ወዲያው ይታጠባል፤ የወረቀቱ ጉዳይ በኋላ ይደርሳል።

ሌሎች ወረቀቶች ደግሞ እንደየጠባያቸው ናቸው። የሱቅ ደረሰኝና የደብተር ወረቀት ውሃ ቶሎ እንዳይመጥ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ በአብዛኛው ተሸብሽቦ፣ ተቆራርጦ ይገኛል፤ በእጅ ይለቀማል። ብር ከሆነ ደግሞ ብዙ አገሮች ኖታቸውን የሚያትሙት ከጥጥ በተሠራ ወረቀት ላይ ስለሆነ አንድ እጥበት ብዙ ጊዜ አይበትነውም፤ በጨርቅ ላይ ተዘርግቶ በራሱ ይደርቃል። ርጥብ መጥረጊያ የሚባለው የሕፃን ሶፍት በአብዛኛው ሰው ሠራሽ ክር ስላለበት ሳይበተን ይወጣል።

ልብሱ እየደረቀ ሳለ ማሽኑ ይጠብቃል። ውስጡን በርጥብ ጨርቅ ለመጥረግ ከመቸኮል በሩን ከፍቶ ከበሮው እንዲደርቅ መተው ይቀላል፤ ከብረቱ ላይ የተለጠፈው ብናኝ ሲደርቅ በደረቅ ጨርቅ ወይም በአቧራ መምጠጫ ይነሳል። የበሩ ጎማ ግን እርጥብ እያለ ነው የሚጸዳው። እጥፋቱ በጣት ተለጥጦ፣ በተለይ ከታች በኩል ውሃ መውጫ ትንንሽ ቀዳዳዎች ባሉበት ቦታ፣ የተጠራቀመው ወረቀት በጨርቅ ተጠቅልሎ ይወጣል። ቀዳዳዎቹ ከተደፈኑ እጥፋቱ ውስጥ ውሃ ይቀራል፣ ይሸታል።

ከዚያ የፓምፑ ማጣሪያ ነው። በፊት ለፊት ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ ከታች በቀኝ በኩል ትንሽ ክዳን አለች። ማሽኑ ከመብራት ይነቀላል፤ የታጠበው በሙቅ ውሃ ከሆነ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። ከክዳኗ ሥር ዝርግ ሳህንና ፎጣ ይደረጋል። አጠገቡ ትንሽ የጎማ ቱቦ ካለ መጀመሪያ ውሃው በእሷ ይፈሳል፤ ከሌለ ማጣሪያው ወደ ግራ ጥቂት ብቻ ላላ ተደርጎ ውሃው በዝግታ እንዲወጣ ይተዋል። ሲያልቅ ማጣሪያው ተፈትቶ ይወጣል። ላዩ ላይ የተጠመጠመ ግራጫ የወረቀት ጭቃ፣ ጸጉርና አንዳንዴም ሳንቲም ይገኛል። በቧንቧ ውሃ ይታጠባል፤ ማጣሪያው የነበረበት ጉድጓድም በጣት ይዳሰሳል፤ ከውስጥ ያለችው የፓምፑ ትንሽ ተሽከርካሪ በነፃነት መዞር አለባት። ሲመለስ እስከ መጨረሻው መጠበቅ አለበት፤ ካልጠበቀ በሚቀጥለው እጥበት ወለሉ በውሃ ይሞላል። በመጨረሻ ማሽኑ ባዶውን በማለቅለቂያ ፕሮግራም አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ከበሮው ውስጥ ነጭ ነገር ካልታየ ለቀጣዩ ልብስ ዝግጁ ነው።

ይህ ጽዳት ሲዘለል ምልክቱ ከጥቂት እጥበት በኋላ ይመጣል። ልብሱ ከወትሮው ይልቅ ውሃ እንደቋጠረ ይወጣል፣ ፓምፑ ያጉረመርማል ግን ውሃው አይወርድም፣ ወይም ማሽኑ መሀል ላይ ቆሞ ኮድ ያሳያል። ውሃ አልወጣም የሚለውን በኤልጂ ማሽን ላይ OE፣ በሳምሰንግ ላይ 5C ወይም 5E፣ በቦሽ ላይ E18 ይነግራል። ሦስቱም ሲታዩ መጀመሪያ የሚከፈተው ያቺው የታችኛዋ ክዳን ናት። ማጣሪያው ጸድቶም ኮዱ ከተመለሰ የመውጫው ቱቦ ከኋላ ታጥፎ እንደሆነ ይታያል፤ ቱቦው ቀጥ ብሎ እያለ ውሃው አሁንም ካልወረደ፣ ወረቀቱ ከፓምፑ አልፎ ቱቦው ውስጥ ተጠቅጥቆ ወይም ፓምፑ ራሱ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ጥገና ባለሙያ መጥራት የሚያስፈልገው ያኔ ነው።